ወደ ታች ለሚጠብ ጠርሙስ

ማተሚያ ቤት ውስጥ የሌብል ንድፍ ሠሪውን ሁሉም «ሚሊሜትር» ይሉት ነበር። ዳቦ ሲቆርስ እንኳ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለክቶ ነው። ስሙን ያወጣለት የማተሚያ መኪናው ሠራተኛ በዚያ ሲጠራው «አቤት!» ይላል እንጂ ተቀይሞ አያውቅም።

አንድ ጠዋት አንዲት ማር አምራች ደንበኛ፣ የታተመው ሌብል የተለጠፈበትን ጠርሙስ ይዛ መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቀፎዎቹን የምትንከባከበው እሷ ናት። ከሰዓት ለአንድ ባለሱቅ ልታሳየው ቀጠሮ አላት። ሰውየው «ካማረ መደርደሪያዬ ላይ አወጣዋለሁ፤ ካላማረ አትድከሚ» ብሏታል።

«ጋሼ፣ ምስሉ ላይ እንዲህ አልነበረም እኮ» አለችው።

እውነቷን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሌብሉ ጠርሙሱን ልክክ ብሎ አቅፎት ነበር። አሁን ግን ከላይ ተወጥሮ ከታች ተጨማዷል። ሚሊሜትር ጠርሙሱን ዞር ዞር አድርጎ አየና ክው አለ። ምስሉን የሠራው ከላይ እስከ ታች እኩል በሆነ ጠርሙስ ላይ ነው፤ የእሷ ወደ ታች ይጠባል።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ጠርሙሱን በእጄ ሳልይዝ ነው የሠራሁት።»

«ሚሊሜትር ተሳሳተ! ጉድ ነው ዛሬ!» ሳቀ የመኪናው ሠራተኛ። «እህቴ፣ ለምን ጠርሙሱን አትቀይሪውም?»

«አልቀይርም። ባለቤቴ ነው የመረጠው።»

 

ሚሊሜትር ስስ ወረቀት ጠርሙሱ ላይ ጠቀለለና ሌብሉ የሚያርፍበትን ከላይም ከታችም በእርሳስ አሰመረ። ወረቀቱ ሲዘረጋ መስመሮቹ መሐላቸው ከፍ፣ ጫፋቸው ዝቅ ያለ ቅስት ሆኑ። ፊደሎቹንም ከቅስቱ ጋር አጎበጣቸው። የንቧን ሥዕልና የማሩን ስም ከፊት ለፊት ወደሚታየው መሐል ሰበሰበ፤ ክብደቱንና አድራሻውን ወደ ጎን ላከ። እሷ የወደደችው ወረቀት ሸካራ ነው፤ ቀጫጭን ፊደል ላዩ ላይ ይቆራረጣል። እነዚያንም ወፈር አደረጋቸው።

እሷ ስክሪኑን አይታ ደነገጠች። «ውይ! ይሄማ ጭራሽ ጠመመ!»

«ዝርግ ሆኖ ሲታይ ነው እህቴ። ጠርሙሱ ላይ ይቀናል።»

«ባይቀናስ?»

«አብሬሽ ሄጄ ባለሱቁን እኔው እለምናለሁ።»

ታተመ። ሚሊሜትር ከመሐል ጀምሮ ወደ ጎንና ጎን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ለጠፈው። ጫፍና ጫፉ ገጠመ፤ አንድም ሽብሽብ የለም። ጽሑፉም ቀጥ ብሏል። የመኪናው ሠራተኛ ቀረብ ብሎ አየና ቀልዱን ረስቶ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ።

ሌብሉ ቢቀናም ሚሊሜትር ቃሉን አላጠፈም፤ ሱቁ ድረስ አብሯት ሄደ። ባለሱቁ ጠርሙሱን አዟዟረ፣ ወረቀቱን በጣቱ ዳሰሰ፣ ደግሞ ዳሰሰ። ከዚያ ሌሎቹን ገፋ ገፋ አድርጎ ፊት ለፊት አስቀመጠው።

«መቼ ታመጪልኛለሽ?» አላት።

ልትመልስ ስትል እንባዋ ቀደማት።

«የቀረውን ላትምላት እንጂ ታመጣለች» አለ ሚሊሜትር በእሷ ፈንታ፤ ፊቷን እስክትጠርግም ወደ መንገዱ ዞሮ ቆመ።