ዓመት ያልሞላት እንግዳ

እትዬ አሪፋ ሸዋሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ሽንኩርት ቸርችረው አንድ ልጃቸውን አሳደጉና ለጅግጅጋ ሰው ዳሩ። ዳሩ እንጂ መቼ ቻሉት! ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሚዛኑን ጥለው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ነኢማ እንደማትወርድ ልቦናቸው ያውቀዋል። ናፍቆት ግን ምክር አይሰማም። ገዢው «እትዬ፣ ሽንኩርቱ!» ሲላቸው ነው የሚመለሱት።

አሁን ግን ወላሂ እውነት ሆነ። ነኢማ ሐሙስ ልትገባ ነው። ያውም ብቻዋን አይደለም፤ የስምንት ወር ልጇን ራቢዓን ይዛ። አያት የልጅ ልጇን በስልክ መስታወት ብቻ ስትስም ስምንት ወር! መስታወቱ እስኪደበዝዝ ስመውታል።

ነኢማ በደወለች ቁጥር «እማ፣ መጀመሪያ የምጠጣው የወይራ ጭስ የገባውን ውሃሽን ነው» ትላለች። እሳቸውም ጋኑን በወይራ አጥነው፣ ውሃ ሞልተው፣ ጣሳውን ከላዩ ደፍተው ይጠብቃሉ። በቆላ ሐሩር ያንን ውሃ የቀመሰ ሌላ ውሃ አያምረውም።

በሩቅ ቀበሌዎች ሲሰማ የሰነበተው በሽታ እነሱ ሰፈር የገባው አርብ ዕለት ነው። ጎረቤታቸው ኸድር የሽንኩርት ማሳ ሲያጠጣ ውሎ፣ ጥማት ሲያቃጥለው ከቦዩ በእፍኙ ጠጥቷል። ቅዳሜ ሌሊቱን እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ተቅማጥ ያጣድፈው ጀመር። ሲነጋ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ጉልበቱ ከድቶት ተገኘ። በባጃጅ ለዚሁ በሽታ ወደተተከለው የሕክምና ድንኳን ወሰዱት፤ በደም ሥሩ ውሃ እየገባለት ነፍሱ ተረፈች። እሑድ ከዚያው ሰፈር አራት ሰው ተጨመረ። ኮሌራው እዚህም ገባ ተባለ።

ማክሰኞ ረፋድ የጤና ኤክስቴንሽኗ ፍሬሕይወት የክትባት ሣጥኗን አንግታ ገባች። እትዬ አሪፋ መርፌ መስሏቸው ክንዳቸውን ገለጡ።

«የሚዋጥ ነው፣ እትዬ። አፍዎን ይክፈቱ።»

ከትንሿ ብልቃጥ ጨመቀችላቸው። ፊታቸውን አጨማደዱ። «ኤዲያ! ምን ዓይነት ጣዕም ነው!» አሉና መከተባቸው እንዲታወቅ ጣታቸው ላይ የተቀባውን ቀለም እያዩ ተደሰቱ። «አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልን። ሐሙስ ልጄና የልጅ ልጄ ሲመጡ እነሱንም ታጠጫቸዋለሽ።»

«ሕፃኗ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ምን ዓመት አላት፣ ስምንት ወሯ!»

ፍሬሕይወት ሣጥኗን አስቀምጣ ተቀመጠች። «ዓመት ላልሞላው አይሰጥም፣ እትዬ። ለእርስዎም ቢሆን ዛሬ ጠጥተው ዛሬ አይከላከልም፤ ሳምንት፣ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ክትባቱ መሥራት ከጀመረ በኋላም ሁሉንም ሰው አይጠብቅም። ዋናው ውሃው ነው።»

«ውሃዬማ የታጠነ ነው!» ተቆጡ እትዬ አሪፋ። «እናቴ ስታጥን ነው ያደግሁት።»

«ጭሱ ሽታውን ያሳምራል፤ የበሽታውን ጀርም አይገድልም። ጣሳው ደግሞ በእጅ እየተያዘ ይጠልቅበታል። በደንብ ይፍላ፤ ካልሆነ ይኼን ክሎሪን በልኩ ጨምረው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ክዳን ባለው ጀሪካን አድርገው እየቀዱ ይጠጡ። እጅ በሳሙና፤ ከመጸዳጃ መልስ፣ ምግብ ከመንካት በፊት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሕፃን ፈጥኖ ይደርቃል፣ እትዬ። ኸድርን አይተውታል። እኔ ብሆን ሰፈሩ እስኪረጋ አላመጣትም።»

ከሄደች በኋላ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እነ ነኢማ ነገ በማለዳ ይነሳሉ። ዝም ቢሉስ? ራቢዓ እንደሆነች ጡት ነው የምትጠባው። ውሃውን ያፈሉታል፤ እጃቸውን ይታጠባሉ። ሦስት ዓመት እኮ ነው፣ ያ ረቢ! ግን ልጅቱ መሬት ለመሬት ትድሃለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትወስዳለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሳቸው ግን ቢደብቁ የሚጫወቱት በሕፃን ነፍስ ላይ ነው። ደወሉ።

«ነኢማ፣ አትምጪ። ሰፈሩ ኮሌራ ገብቶበታል።»

«ኮሌራ? እንግዲያውማ ዛሬውኑ ነው የምነሳው! አንቺን ብቻሽን ጥዬ?»

ይህን ፈርተው ነበር። ልጃቸው አይደለች? ድምፃቸውን አጠነከሩ። «ስሚኝ። እኔ ክትባቱን ወስጃለሁ፣ ውሃዬን አክማለሁ፣ ትንሽ ካመመኝም ድንኳኑ እዚሁ ነው። ለልጅሽ ግን ክትባት የለም። ብትመጪ በሬን አልከፍትልሽም።»

«እማ! እንዲህ ትይኛለሽ?»

«እላለሁ። ወላሂ አልከፍትም።»

ነኢማ አለቀሰች። እትዬ አሪፋ እስክትጨርስ ጠበቁ፤ የራሳቸው እንባ ጉንጫቸው ላይ ሲወርድ በነጠላቸው እንኳ አልጠረጉትም። በመጨረሻ «እሺ፣ እማ» አለች።

«ራቢዓ ተኝታለች?»

«ተኝታለች።»

«እንዳትቀሰቅሻት። ስልኩን አፍንጫዋ አጠገብ አድርጊልኝና ትንሽ ልስማት።»