ጥርት ብለው የወጡት

ሰፈሩ ሁሉ ካውያው ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው ምናልባት መታወቂያው ብቻ ነው። ጎልማሳነቱን በሙሉ የጨረሰው ላውንደሪ ቤት ሸሚዝ ሲተኩስ ነው፤ አመሉ ደግሞ ጉድ ነው። ኮሌታ ላይ የዝንብ እግር የምታህል ጭምድድ ካየ ሸሚዙን መልሶ ውሃ ያርከፈክፍበታል። አሠሪው "ኧረ በፈጠረህ፣ ደንበኛው በር ላይ ቆሟል!" ቢለው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። "የተበላሸ ሥራ ለሰው አይሰጥም" ይላል፤ እንደገና ይተኩሳል።

ታዲያ ለእንዲህ ያለው ሰው የደረሰችው ሚስት እታለም ናት። ትክክለኛ ስሟ አይደለም፣ ግን እሷንም ሌላ የሚላት የለም። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሞግዚት ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ ልጆቹን የምትቀበለው እሷ ናት። ስታወራ አፏ ብቻ አይደለም የሚያወራው፤ እጇ፣ ትከሻዋ፣ ቅንድቧ፣ ሁሉም አብሮ ያወራል። የሠርጋቸው ዕለት እንኳ ፎቶ አንሺው "ወደዚህ" ሲል እሷ ዞራ ለሚዜዋ የሆነ ነገር ትነግር ነበር። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ የተሰቀለው ፎቶ ውስጥ ካውያው እንደ ወታደር ተገትሮ ቆሟል፣ ከሙሽሪት የሚታየው ደግሞ አንድ ጆሮና ብዙ ቬሎ ነው።

"ያገባሁት ጆሮ ነው" እያለ ይቀልድ ነበር።

ቀልዱ ያበቃው እታለም ታማ ሐኪሟ ካውያውን ብቻውን ጠርቶ ያነጋገረው ቀን ነው። በሽታው ጭንቅላቷ ውስጥ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የላትም ተባለ። ካውያው ቤቱ ገብቶ መጀመሪያ ያየው ያንን ጆሮ ነው። ይቺ ሴት ልትሄድ ነው፣ እሱ ደግሞ ፊቷ በደንብ የሚታይበት አንድ ፎቶ የለውም! ያን ዕለት አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ሳያስቀር እንደማይተዋት ለራሱ ማለ።

ስልክ ነበረው። ላውንደሪ ቤት "ይሄን እድፍ እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት" ብሎ የሚጣላ ደንበኛ ስለማይጠፋ፣ ልብስ ሲረከብ እድፉን ፎቶ ያነሳል። እድፍ ማንሳት ግን ሌላ፣ እታለምን ማንሳት ሌላ። ብርሃን ስለሚያማት መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ነው የሚውለው። ፍላሹን አንድ ጊዜ ቢሞክረው ዓይኗን ጨፍና "ገደልከኝ እኮ አንተ ሰውዬ!" አለችው፤ ከዚያ በኋላ አልነካውም። መጋረጃውን በትንሹ ገለጥ አድርጎ መስኮቱ ፊት ቢያስቀምጣት፣ መስኮቱ ቦግ ብሎ ፊቷ ከሰል መሰለ። ከአልጋዋ አጠገብ ቢያነሳት፣ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ያለው ጽሑፍ ተነበበ፣ እሷ ከኋላ ጭጋግ ሆነች።

ልጃቸው ከምትሠራበት ከተማ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ስልኩን አቀበላት።

"እስቲ እዪው፤ ካሜራው ተበላሽቷል መሰለኝ።"

ልጅቱ ስልኩን ገለበጠችና ሳቀች። "አባዬ፣ ካሜራው ምን አጠፋ! መስታወቱ ላይ ያለውን የእንፋሎት እድፍ አይተኸዋል?" በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብላ አሳየችው። "ጠርሙሱን ያነሳው፣ የት እንደሚያይ ስላልነገርከው ነው። ስክሪኑ ላይ የእማዬን ፊት በጣትህ ንካ።" ነካ። ትንሽ ክብ ፊቷ ላይ አረፈችና ጭጋጉ ተገፈፈ። "ከክቡ አጠገብ ያለችው ፀሐይ ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ ናት። ወደ ላይ ስትስባት ይደምቃል፣ ወደ ታች ይጨልማል። መስኮት ከኋላዋ ካለ ፊቷን ነክተህ ትንሽ ከፍ አድርገው፤ መስኮቱ ቢነጣም ግድ የለህም፣ አንተ የምትፈልገው እሷን ነው። ክቡ እንዳይሸሽብህ ደግሞ ጣትህን ፊቷ ላይ ተጭነህ ቆይ፣ ይቆለፋል።"

"መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋስ?"

"ያኔ የሌሊት የሚለውን ምረጥ። ስሙ የሌሊት ይባል እንጂ ጨለም ያለ ክፍል ሁሉ የእሱ ነው። ግን ቶሎ አያነሳም፣ ትንሽ ቆይቶ ብርሃን ይሰበስባል። እስኪጨርስ እጅህ መንቀጥቀጥ የለበትም፤ ክንድህን ጠረጴዛ ላይ አስደግፍ። የምትነሳዋም መንቀሳቀስ የለባትም፣ የተንቀሳቀሰው ሁሉ ተጎትቶ ይደበዝዛል።"

እታለም ከአልጋዋ ሆና "አለቀላችኋ! እኔን ነው አትንቀሳቀሺ የምትሉት?" አለች፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ እየበተነች። ሦስቱም ሳቁ።

እውነትም እንደተባለው ሆነ። ልጅቱ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ ካውያው ከሥራ ሲገባ ስልኩን ይዞ አልጋው አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ክንዱን ያስደግፋል። ፊቷን ይነካል፣ ፀሐይዋን ከፍ ያደርጋል፣ ይጫናል። ልክ ያኔ እታለም የሆነ ነገር ትዝ ይላታል። "ያ ጫማውን ሁልጊዜ አቀያይሮ የሚያደርገው ልጅ አልነገርኩህም?" ትልና እጇ ይነሳል። የሚወጣው ፎቶ አልጋው ጥርት፣ ትራሱ ጥርት፣ የእታለም እጆች እንደ ተበተነ ጭስ፣ ፊቷ ደግሞ በሳቅ ሁለት ሦስት ቦታ የተደራረበ።

"ጭምድድ!" ይላል ካውያው። "እታለም፣ በናትሽ፣ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ፣ አፍሽን ግጠሚ፣ አትተንፍሺ።"

"አትተንፍሺ? እሱስ ቅርብ ነው፣ ምን አስቸኮለህ" ትለዋለች። እሱ ግን አይተዋትም። ደጋግሞ ያነሳታል። ኋላ ኋላ፣ እየደከማትም ስትሄድ፣ እሺ አለችው። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አፏን ገጥማ፣ ካሜራውን ትክ ብላ አየች። ፎቶው ሲወጣ ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ካውያው ደስታውን አልቻለውም።

አንድ እሑድ ስልኩ "ቦታ የለኝም" አለው። ልጅቱ በስልክ እየመራችው ማስተካከል ጀመረ። የእድፍ ፎቶዎቹን እየመረጠ "ሥራ" የሚል አልበም ውስጥ ከተታቸው፤ ለእሷ "እታለም" የሚል ሌላ አልበም ከፈተ። ጥርት ብለው የወጡትን አንድ በአንድ ምልክት እያደረገ ወደዚያ ወሰዳቸው፤ ለልጁም የላከላት እነሱኑ ብቻ ነው። የተጎተቱት ከውጭ ቀሩ።

"የተረፉትን አትቸኩልባቸው፣ አባዬ" አለችው ልጁ። "ብትሰርዛቸውም መጣያው ውስጥ አንድ ወር ይቆያሉ፣ ሐሳብህን ከቀየርክ ትመልሳቸዋለህ። ወሩ ካለፈ ግን አለቀ።"

"የተበላሸ ሥራ ምን ያደርግልኛል" አላት።

እታለም ከጎኑ ትራስ ተደግፋ ሲሰርዝ ታይ ነበር። አንዷ ላይ ሲደርስ ጣቷን አስቀደመች። ያቺ ጫማ የሚያቀያይረውን ልጅ ስታወራ የተነሳች ናት፤ አንድ እጇ አየር ላይ ተበትኗል፣ ራሷ በሳቅ ወደ ኋላ ሄዷል።

"ይቺን ተዋት። እኔን ትመስላለች።"

"ምኗ ነው አንቺን የሚመስለው? ዓይንሽ እንኳ አይታይም፣ ጭጋግ ነሽ እኮ!" አለና ሰረዛት። እታለም ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

ብዙ አልቆየችም። ምርጊቱ ሁሉ ረግፎ ግድግዳው እንደቀረ ቤት፣ ካውያው ቆሞ ቀረ።

ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ በትልቁ የታተመውን ፎቶ እያየ "እንዴት ጥርት ብሏል!" አለ። ካውያው በሐዘኑ መሐል ይቺን ይዞ ተጽናና። ቢያንስ ፊቷን አስቀርቻለሁ አለ። ሳምንታት አለፉ፤ ሥራ ተመለሰ፣ ሸሚዝ ተኮሰ።

አንድ ቀን የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ላውንደሪ ቤት ድረስ መጣች። "ልጆቹ እታለም የት ሄደች እያሉ አስቸገሩን። በሯ አጠገብ ፎቶዋን ብንሰቅለውስ?" አለችው። ካውያው የዚያኑ ዕለት ያቺን ሽፋሽፍት የሚቆጠርባትን አሳትሞ፣ መስታወት አስገብቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ሄደ።

መምህርቷ ፎቶውን ሰቀለችና ልጆቹን ጠራች። ልጆቹ ቀና ብለው አዩ። ካውያው "እሰይ፣ እታለም!" የሚል ድምፅ ሲጠብቅ፣ ግራ እግሩ ላይ የቀኝ ጫማ ያደረገ አንድ ልጅ የመምህርቷን ቀሚስ ጎተተ።

"ይቺ ማናት?"

"እታለም ናት እኮ፣ የኔ ጌታ።"

"አይደለችም" አለ ልጁ። እጁን ወደ ላይ በተነና ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ። "እታለም እንዲህ ናት!"

ሌሎቹም ተከተሉት። በሩ ላይ የቆሙት ልጆች ሁሉ እጃቸውን እየበተኑ፣ ወደ ኋላ እየተጣሉ ሳቁ። ካውያው ዓይኑ እያየ ሚስቱ በሃያ ትንንሽ እጅ ተመልሳ መጣች። ከዚያ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት አያት። አፏ የተገጠመ፣ እጇ ጭኗ ላይ የተቀመጠ፣ ሐኪም ፊት የተቀመጠች በሽተኛ። ያቺን ሴት ማንም አያውቃትም። አትንቀሳቀሺ ብሎ ያዘዛት፣ ያደረቃት እሱ ነው።

መንገድ ላይ ቆሞ ስልኩን አወጣ። መጣያውን ከፈተ። ባዶ ነው። ወሩ አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! "እታለም" የሚለውን አልበም ከላይ እስከ ታች አገላበጠው፤ ሁሉም ጥርት ያለ፣ ሁሉም እጅ ጭን ላይ።

አንድ ተስፋ ቀረው። ለልጁ ደወለላት።

"ልጄ፣ ከላክሁልሽ የእናትሽ ፎቶ ውስጥ፣ እጇ የሚንቀሳቀስበት፣ የተጎተተ... አንድ እንኳ የለሽም?"

"የለኝም፣ አባዬ። የላክልኝ ሁሉ ጥርት ያሉ ናቸው። እኔም ልጠይቅህ እያልኩ ነበር፤ ስታወራ ያነሳሃት አለ አይደል? ያ የእጇ ነገር ናፍቆኝ። ላክልኝ እስቲ።"

ካውያው ግንቡን ተደገፈ። ልጅቱ ሁለቴ "አባዬ?" አለች።

"ነበረ" አላት። "እናትሽም ተዋት ብላኝ ነበር።"