ለሚስቴ ያወጣሁት ፕሮግራም

ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ከዚህ በታች የማወራው ነገር ለምን እንዳንገበገበኝ እንዲገባችሁ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንግሊዝኛ ሲነሳ የእኔ ስም አብሮ ይነሳል። ታዲያ የገዛ ሚስቴ የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና ልትፈተን ስምንት ሳምንት ሲቀራት የጥናት ፕሮግራም የሚያወጣላት ማን ሊሆን ኖሯል?

ሚስቴ አዋላጅ ነርስ ናት። የምትሠራው ሮብ ገበያ ከተማ ጤና ጣቢያ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች፤ በሳምንት አንዳንዴ አንድ ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ቀን ዱቲ ገብታ እዚያው ታድራለች። ያን ዓመት ውጭ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ወጪዋን ችሎ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀበላት። የጎደላት አንድ ወረቀት ነበር። በማዳመጥ፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር ከዘጠኝ ስድስት ተኩል ማምጣት አለባት። በአማካይ አይደለም፣ በእያንዳንዱ። በአንዱ እንኳ ስድስት ብታመጣ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ደግማ ተፈትና ውጤቷ እስኪመጣ የሚጠብቃት የለም። አሥራ አንድ ዓመት ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የቆመች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ እንደማይመጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሁዳዴ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ፕሮግራሙን በትልቅ ነጭ ወረቀት አወጣሁት። ፈተናው ከፋሲካ በኋላ ያለው ሐሙስ ስለነበር ልክ ስምንት ሳምንት ነው። በማስመሪያ አሰመርኩ፣ በአራት ዓይነት እስክሪብቶ ቀለም ለየሁ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ሰዋስው፣ ምክንያቱም ያለ ሰዋስው እንግሊዝኛ የለም። ከዚያ ሁለት ሳምንት ንባብ። የቀረውን ለሌላው ሁሉ አካፈልኩት። የሕማማቱን ሳምንት ደግሞ በቀን ስድስት ስድስት ሰዓት ሞላሁበት፤ ያን ሰሞን ሥራ ቀዝቀዝ ይላል ብዬ።

መመዘኛ ፈተና አልሰጠኋትም። ምን ብዬ? አሥራ አራት ዓመት አብሬያት የኖርኩ ሰው የሚስቴን እንግሊዝኛ አላውቀውም? የዱቲ ወረቀቷንም አሳይኝ አላልኳትም። ፕሮግራም ከወጣ ሰው ነው ለፕሮግራሙ የሚመቸው እንጂ ፕሮግራሙ ለሰው አይደለም፤ እኔ ተማሪዎቼን የማሳድገው እንዲያ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ከሃያ አራት ሰዓት ተኩሉ ሰባቱን አጠናች። በሁለተኛው ሳምንት ያልተጠናውን ሰዓት በቀይ እስክሪብቶ ወደሚቀጥለው ሳምንት እያሸጋገርኩ ጻፍኩት። በሦስተኛው ሳምንት ቀዩ ከሰማያዊው በለጠ፤ አንዷ ማክሰኞ ላይ ብቻ ዘጠኝ ሰዓት ተከምሯል። ወረቀቱን ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። እሷ ደግሞ በአጠገቡ ስታልፍ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

አንድ ረቡዕ ማታ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ያዝኳት።

«ዛሬ ሦስት ሰዓት ተኩል አለብሽ፤ ያለፈው ሲጨመር አምስት» አልኳት።

«ረቡዕ እኮ ነው» አለችኝ።

«ረቡዕ ቢሆንስ?»

«ረቡዕ ገበያ ነው። ነፍሰ ጡሩም የታመመውም ገበያውን አስታኮ ነው የሚመጣው። ከጠዋት ጀምሬ አልተቀመጥኩም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜን ነበርኩ፣ ከዘጠኝም በኋላ ያገኘሁት አንድ ዳቦ ነው።»

«የሚፈትኑሽ ሰዎች ስለ ገበያው አይጠይቁሽም» አልኳት። አፌ እንዲህ ነው። እሷም ገብታ ተኛች፤ እኔም ያን ምሽት ስንፍናዋን እያሰብኩ ስቃጠል አመሸሁ። እዚህ ቤት ውስጥ ፈተናው የሚያሳስበው እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር።

ስንፍናዋን ሌላ ሰው እንዲነግራት ፈለግሁ። እኛ ትምህርት ቤት አንዲት ወጣት የእንግሊዝኛ መምህርት አለች፤ እንዲህ ያለውን ፈተና ራሷ ተፈትና ያለፈች፣ አሁን ለሌሎችም የምታዘጋጅ። ጠራኋት። «ነይና ሙሉውን የሙከራ ፈተና ስጫትና የት እንዳለች ትየው» አልኳት። እሺ ጋሼ አለች። ቅዳሜ ጠዋት መጣች። ቅዳሜ በመሆኑ ሚስቴ ቁርሷን በልታለች፤ ልጆቹን እህቴ ቤት ልኬያቸዋለሁ። መምህርቷ ሦስቱን ክፍል በሰዓት እየያዘች አስቀምጣ ፈተነቻት። ወደ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ የመናገሩ ክፍል ቀረ።

እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጫለሁ። መምህርቷ ካርድ ሰጠቻት፤ አንድን ሰው የረዳሽበትን ጊዜ ተናገሪ ይላል። አንድ ደቂቃ ታስባለች፣ ሁለት ደቂቃ ትናገራለች። ደቂቃው አለቀ። ሚስቴ አፏን ከፈተች፣ አየችኝ፣ መልሳ ዘጋችው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጀመረች፤ ግሱን ሳተችው፣ እኔም ወዲያው አረምኩላት። ሁለተኛ ጀመረች። መሃል ላይ ቆመች። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልወጣትም። እኔ ደግሞ በውስጤ፣ «ይኸው፣ በምስክር ፊት» እላለሁ።

መምህርቷ ሰዓቷን አቆመችና፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ውጭ ይጠብቁን» አለችኝ። ከገዛ ቤቴ። ትናንት የተቀጠረች ልጅ። እንግዳ ናት ብዬ እንጂ የምላትን አውቅ ነበር። ወጥቼ ግቢ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ግንድ ላይ ተቀመጥኩ።

ሚስቴ መናገር ጀመረች። ሌሊት በቃሬዛ ከተራራ የወረደች አንዲት እናት ታሪክ ነው፤ ደም ይፈሳታል፣ መኪና የለም፣ መብራት የለም። እንዴት በስልክ መብራት እንደሠሩ፣ ሕፃኑ ሲወጣ እንዴት እንደጮኸ፣ የእናትየው ባል ምን ብሎ እንደመረቃት። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ። እኔ ይህን ታሪክ በአማርኛም ሰምቼው አላውቅም። ልማድ ነውና ስህተቷን በጣቴ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ደረሰ። መምህርቷ ግን አንዱንም አላቋረጠችም። ሁለት ደቂቃው ሞልቶ አለፈ፣ ጥያቄ ጠየቀቻት፣ እሷም መለሰች፣ ሳቁ። እኔ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ሲሳቅ ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። እንዴት እንደተናደድኩ ልነግራችሁ አልችልም። በማን እንደተናደድኩ ግን ያኔ አላወቅሁም።

ስገባ ውጤቱ ወረቀት ላይ ነበር። ማንበብ ሰባት። መናገር ሰባት፤ ያለ እኔ የተናገረችው። ማዳመጥ ስድስት። መጻፍ አምስት ተኩል። መምህርቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ፕሮግራሜን ቀና ብላ አየች። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰጠሁት ለንባብ ነው፤ ለምትችለው ነገር። ለመጻፍ የሰጠሁት አራት ቀን ነው።

«እስካሁን ያመለጠሽን ሰዓት ተይው፣ አይካስም» አለቻት ለሚስቴ። «የቀረን አምስት ሳምንት ነው። የዱቲ ወረቀትሽን አምጪ።»

ሁለቱ አጎንብሰው ሠሩት። እኔ ቆሜ አያለሁ። በሳምንት አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ አገኙ፤ እውነተኛ አሥራ አንድ ሰዓት። ረቡዕን ባዶ ተዉት። ዱቲ ያደረችበት ማግስት እንቅልፍ ብቻ። ማዳመጡን ሚኒባሱ ውስጥ አደረጉት፤ ሮብ ገበያ ደርሶ መልስ፣ በጆሮ ማዳመጫ፤ እኔ ያን መንገድ እንደ ጊዜ ቆጥሬው አላውቅም። መጻፉን ከሁሉ የሚበልጥ ሰዓት ሰጥተው ቅዳሜ ጠዋትና እሑድ ከቅዳሴ መልስ አደረጉት፤ በሁለቱ ቀን ቁርስ ስለሚበላ ጭንቅላቷ ይሠራል። አንድ ድርሰት ጽፋ፣ ታርሞላት፣ ያንኑ ደግማ ትጽፋለች። የምትደጋግመውን ስህተት አንዲት ደብተር ላይ ትይዛለች። በየሁለት ሳምንቱ ሙሉ የሙከራ ፈተና በሰዓት። ዓርብ ለተረፈው ሥራ ክፍት። ሕማማት ላይ ምንም አዲስ ነገር የለም፤ ስግደቷን ትስገድ፣ ያቺን ደብተር ብቻ ታገላብጥ።

«ድርሰቱን እኔ አርምላታለሁ» አልኩ።

መምህርቷ ወደ ሚስቴ አየች። ሚስቴ ወለሉን አየች።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና» አለች መምህርቷ፣ «እርስዎ ከፕሮግራሙ ይውጡ።»

ፕሮግራም ያወጣሁት ሰውዬ ከፕሮግራም ወጣሁ። በቅኔ ቤት ቢሆን ይህ እንደ ጥሩ ቅኔ ይነገር ነበር፤ እኔ ግን ከመናደዴ የተነሳ መምህርቷን በር ድረስ እንኳ አልሸኘኋትም። ነጩን ወረቀት ገንጥዬ ሁለት ቦታ ቀደድኩት። ለአንድ ሳምንት ከሚስቴ ጋር የተነጋገርነው ስለ ጨውና ስለ ዘይት ብቻ ነው። እሷ ግን አሥራ አንዱን ሰዓት አንድም ሳምንት አላጎደለችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ድርሰቷን ለመምህርቷ ይዛ ስትወጣ በመስኮት አያታለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው።

የፋሲካ ማግስት አዲስ አበባ ወረደች፣ ሐሙስ ተፈተነች፣ ተመለሰች። እንዴት ነበር አልኳት። ደህና ነው አለችኝ። ውጤት የሚወጣበትን ቀን አልነገረችኝም፤ እኔም ኩራቴ ይዞኝ አልጠየቅሁም። ውስጤ ግን ሌላ ነገር አልነበረውም። ክፍል ገብቼ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ግስ ስጽፍ እንኳ የማስበው እሷን ነበር።

አንድ ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍል ገባሁ። መምህርቷ ከመቀመጫዋ ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለች። ሌሎቹም ተነሱ። እኔ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ፊቴን አይተው አወቁብኝ መሰለኝ አንድ በአንድ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ መምህርቷ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ማንበብ ሰባት ተኩል፣ መናገር ሰባት ተኩል፣ ማዳመጥ ሰባት፣ መጻፍ ስድስት ተኩል። አልፋለች። ለመምህርቷ ጠዋት ደውላላታለች። ለእኔ ግን አልደወለችም። ያን ያህል ሰው ፊት፣ የሚስቴን ውጤት ከሌላ ሰው አፍ። እግሬ ቤት እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም።

ዱቲ አድራ ስለነበር ቤት ናት፤ የሥራ ልብሷን ታጥባለች። በሩን ከፍቼ ገባሁ።

«መጻፍ ስድስት ተኩል ብቻ?» አልኳት። «ግማሽ ነጥብ ብትቀንሽ ኖሮ ምን ይውጥሽ ነበር?»

እጇን ከውኃው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ለምን ለእሷ ቀድሜ እንደነገርኩ ልትጠይቀኝ ነው አይደል የመጣኸው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ደውዬ ስነግራት እልል አለች» አለች ሚስቴ። «እኔም አለቀስኩ። ያን ነበር የፈለግሁት።»

ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ስንት ነገር ሳወጣና ሳወርድ ነው የመጣሁት፤ ከሁሉ አስቀድሜ ከአፌ ያወጣሁት ግን ያንን ስድስት ተኩል ነው። «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት በመጨረሻ።

«አመሰግናለሁ» አለችኝ፤ ለእንግዳ ሰው እንደሚባለው አድርጋ፣ በትሕትና። ከዚያ ወደ ልብሷ ተመለሰች።