ወደ ቀኝ የተዛወረው ድስት

ብርቅነሽ ጠዋት ወጥ ቤቷ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ግድግዳውን ነው። በግራ በኩል የጾም ጭልፋና ማማሰያ ተሰቅሏል፤ እጀታው ሁሉ በሰማያዊ የኤሌክትሪክ ቴፕ ተጠምጥሟል። በቀኝ በኩል ያለው የፍስኩ ነው፤ ቴፕ የለውም። ድስቶቹም እንደዚያው ግራና ቀኝ ይደረደራሉ። ስፖንጅ ሁለት፣ የማጠቢያ ሳፋ ሁለት።

ይህን ልማድ ያመጣችው አሥራ አንድ ዓመት ከሠራችበት ሆቴል ነው። እዚያ የሥጋ መክተፊያው ቀይ፣ የአትክልቱ አረንጓዴ ነበር። አረንጓዴው ላይ ሥጋ ያሳረፈን ሰው ዋናው አብሳይ ቀኑን ሙሉ ድንች ያስልጠው ነበር። ብርቅነሽም አንድ ጊዜ ልጣለች። ከዊንጌት ወረድ ብሎ መንገድ ዳር ዘጠኝ ጠረጴዛ ያለው ሽሮ ቤት ስትከፍት መክተፊያው ላይ የተማረችውን ጭልፋው ላይ አዋለችው።

ችግሩ፣ ግድግዳውን ከእሷና አብራት ከምታበስለው ከሾዴ በቀር የሚያየው ሰው አለመኖሩ ነው።

ጥር መጨረሻ ላይ በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ሰው «እዚያ ሽሮ ቤት የጾሙም የፍስኩም ጭልፋ አንድ ነው» ብሎ ጻፈ። ሌላው ከሥር ቀጠለ፦ «የምታበስለውስ የማትጾም አይደለች?» ሾዴ የሸጎሌ ልጅ ናት፣ ፕሮቴስታንት ናት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ጉዳዬ ያለው አልነበረም። በሚቀጥለው ረቡዕ ከዘጠኙ ጠረጴዛ ስድስቱ ባዶ ዋለ። በየረቡዑና በየዓርቡ አራት ሆነው የሚመጡት አስተማሪዎችም ቀሩ። ከእነሱ አንጋፋው ጋሼ ዓምሃ በበሩ ሲያልፍ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ሰጠና አልገባም።

ሑዳዴ ሊገባ አራት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል። ቤቱ ዓመቱን የሚቆመው በሑዳዴ ነው፤ ጾመኛው ካልመጣ ሾዴን ማሰናበት ይመጣል፣ ብርቅነሽም በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ተመልሳ የሰው ወጥ ቤት ትገባለች። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፣ ግን አላወሩበትም።

የመጀመሪያውን ቪዲዮ የሠራው የእህቷ ልጅ ኖህ ነው። ነጭ ጋውንና የሼፍ ባርኔጣ ተውሶ አመጣ፣ አዲስ ድስትና ጭልፋ ገዛ፣ ብርቅነሽን ምድጃው ፊት አቁሞ «ፈገግ በይ አክስቴ፣ አሁን አማስዪ» አላት። ድስቱ ውስጥ ምንም አልነበረም። ከጀርባው ሞቅ ያለ ዘፈን ጨመረበትና ለቀቀው። ሰው በብዛት አየው፤ ያየበት ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ጭልፋው እጀታ ላይ የዋጋው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው።

«የድሮው ጭልፋ ምን ሆኖ ነው አዲስ የተገዛው?» ብሎ አንዱ ጻፈ።

ብርቅነሽ ይህን ስታነብ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ቤዛዊት የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ዊንጌት ታክሲ መያዣው አጠገብ ትንሽ ስቱዲዮ አላት፣ የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች፣ ምሳዋን ደግሞ እዚህ ትበላለች። ተጋቢኖዋን እየጠቀለለች ለብርቅነሽ ነገረቻት።

«እትዬ፣ ሰው የጠየቀው ስለ ጭልፋ ነው። እናንተ ያሳያችሁት ባርኔጣ ነው።»

«እና ምን ላሳየው? ቁሜ ልማልለት?»

«ምንም አያሳዩት። እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ፣ እኔ ስልኬን አስቀምጬ እሄዳለሁ።»

«እንዲያ ብሎ ቪዲዮ አለ?»

«ያለው እሱ ብቻ ነው። ሠርግ ላይ እንኳ ሙሽሮቹ አቁመናቸው ከተነሡት ይልቅ ኬክ ሲያንጠባጥቡ የተነሡት ነው የሚወደደው።»

ደንቡን ባጭሩ አወጣች። ስልኩ የሚቆመው በእጅ ቁመት ነው፤ የሚታየው እጅና ድስት እንጂ ፊት አይደለም። ሥራው በራሱ ሰዓት ይሠራል፣ ለስልክ ተብሎ የሚጀመር ነገር የለም። ማንም ማንንም «ድገሚው» አይልም። ዘፈን የለም፤ የሽንኩርቱ ድምፅ ይበቃል። እንግዳ አይቀረጽም፤ ሾዴም ካልፈለገች አትቀረጽም።

«መቁረጥም የለም» አለች። «ከቆረጥኩት፣ የተቆረጠው ቦታ ላይ ምን ነበር ይባላል።»

ሾዴ ሽንኩርት ከምትልጥበት ቀና አለች። «እጄ ብቻ ከሆነ ይሁን። ፊቴን ለባሌም በነጻ አላሳየውም።»

የመጀመሪያው ቀን አልተሳካም። ቤዛዊት ስልኩን በበርበሬ ጣሳው አስደግፋው ሄደች። የበርበሬ ጣሳ ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ አርፎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ሾዴ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጣሳውን ሳበችው፣ ስልኩም ሽሮ ዱቄት ውስጥ በአፍጢሙ ተደፋ። በማግስቱ ጡብ አመጡለት፤ መስኮቱ በግራ እንዲሆን አዞሩት፤ እንፋሎት ሲይዘው መስታወቱን የሚወለውል ንጹሕ ጨርቅ አጠገቡ ሰቀሉ።

ሁለት ቀን ብርቅነሽ እጇን እንደ ሰው ዕቃ ያዘችው። ሽንኩርቱን ቀስ እያለች፣ እኩል እኩል እያደረገች ትከትፍ ጀመር። ሾዴ ሳቀችባት።

«እትዬ፣ በዚህ አያያዝ ቁሌቱ ለፋሲካ ይደርሳል።»

በሦስተኛው ቀን ስልኩን ረሱት። ከዚያ በኋላ ተቀርጾ ቤዛዊት የለቀቀችው ነው ጥሩው። አሥር ኪሎ ሽንኩርት ሲከተፍ፤ ቁሌቱ ዘይት እስኪተፋ በትንሽ እሳት ሲቁላላ፤ ሲሊንደር ተቀይሮ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ተቀብቶ እንደሚያፈስና እንደማያፈስ ሲታይ፤ ብርቅነሽ የቲማቲም ነጋዴውን «ከሥር ያለውን ለማን ነው ያመጣኸው?» ስትለው። ሰው ወደደው። «የኛም ቤት እንዲህ ነው የሚንጫጫው» ብሎ የጻፈ ነበር። ጠረጴዛዎቹ ግን ረቡዕና ዓርብ ባዶ ነበሩ።

ሑዳዴ ሊገባ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሆነው።

በቀኙ ምድጃ ለማይጾመው ደንበኛ የሥጋ ወጥ ተጥዷል። በግራው በትልቁ ድስት የጾም ሽሮ እየፈላ ነው። ሾዴ ወጡን አማስላ፣ ሽሮው ሊገነፍል ሲል ዞራ በያዘችው ጭልፋ ቀልበስ አደረገችው። ቴፕ የሌለው ጭልፋ ነበር።

«ሾዴ» አለች ብርቅነሽ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ሾዴ እጇ ላይ ያለውን አየች። «ውይ እትዬ። በቃ፣ ገደልኩት።»

«አልሞተም። ጨርቅ አምጪ።»

ሁለቱ ድስቱን በግራና በቀኝ ይዘው ወደ ቀኙ ምድጃ አዛወሩት። ብርቅነሽ የተከተፈ ሥጋ ጠብሳ ጨመረችበት፣ ቅቤ ጣል አደረገች፤ የጾም ሽሮ የነበረው ቦዘና ሽሮ ሆነ። የግራውን ምድጃ ወልውላ፣ ከግራው መደርደሪያ ሌላ ድስት አውርዳ፣ ሽንኩርት እንደገና ከመክተፍ ጀመረች። ሾዴ እጇን ታጥባ ሰማያዊውን ጭልፋ አነሣች። የዚያን ቀን የጾም ሽሮ አርባ ደቂቃ ዘገየ፤ ሁለት ሰው ጠብቆ ጠብቆ ሄደ።

ስልኩ ከጡቡ ጋር ተደግፎ ይህን ሁሉ ይዞታል። ትዝ ያላቸው ቤዛዊት ከሰዓት ስትመጣ ነው። ኖህም መጥቶ ነበር፤ አራቱም በስልኩ ላይ አጎንብሰው አዩት።

«ይሄ ይጥፋ» አለ ኖህ። «አክስቴ ሙች፣ ይሄ ወሬውን ማረጋገጥ ነው። ጭልፋው ሲገባ ይታያል።»

ብርቅነሽም አጥፊው ልትል አፏን ከፈተች። ቤዛዊት ቀደመቻት። «ቤቱ የእርስዎ ነው፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ። ግን እትዬ፣ ድስቱስ ሲወጣ አይታይም?»

«የጾሙን ሰው አታውቂውም አንቺ» አለች ብርቅነሽ። «መግባቱን ብቻ ነው የሚያየው። ደግሞ የማን እጅ ነው? የእሷ። ‹አላልኩም› ነው የሚሉት።»

ሁሉም ወደ ሾዴ ዞሩ። ሾዴ ወደ ሳፋው ተመልሳ እጇን እየነከረች መለሰች።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ያላደረግኩትን ሲያወሩብኝ ነበር። ያደረግኩትን ቢያዩ ይሻለኛል። ልቀቂው ቤዚ።»

«ሾዴ፣ አስቢበት» አለች ብርቅነሽ።

«አሰብኩት እኮ። ሽንኩርት ስልጥ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

ቤዛዊት ጭልፋው ከገባበት አዲሱ ሽንኩርት ተከትፎ እስኪያልቅ ያለውን አሥራ አንድ ደቂቃ መሐሉን ሳትቆርጥ ለቀቀችው። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ጻፈች፦ «ረቡዕ ጠዋት። የጾሙ ሽሮ ለምን እንደዘገየ።»

ሐሙስ ጸጥ አለ። አንዳንዱ ኖህ እንደፈራው ጻፈ። ማታውን ግን አንዲት ሴት «ሥጋ ጠብሳ የጨመረችበት ጋ ደርሳችሁ ነው የምታወሩት ወይስ ሳትደርሱ?» ብላ መለሰችላቸው። ሌላው ስለ ሰማያዊው ቴፕ ጠየቀ፤ ሌላው ደግሞ ወደ ፊተኞቹ ቪዲዮዎች ተመልሶ ቴፑን በሁሉም ላይ አገኘው። ማንም አሳይቷቸው አያውቅም፤ ከጥግ ሆኖ በየቀኑ ይታይ ነበር። በግሩፑ መጀመሪያ የጻፈው ሰው ጽሑፉን አነሣ። ይቅርታ አላለም፣ ብርቅነሽም አልጠበቀችም።

ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ ጋሼ ዓምሃ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ሦስቱም ከኋላው አሉ። ብርቅነሽ ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች ወጣች።

«ጠፉ ጋሼ» አለችው።

«ጠፋሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መጠየቅ ነበረብኝ።» ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ። «አሥራ አንድ ደቂቃ ሽንኩርት ሲከተፍ አየሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ አጠገቤ ሆና ‹እኔ ስከትፍ አንድም ቀን አይተኸኝ ታውቃለህ?› ትለኛለች።»

አስተማሪዎቹ ሳቁ። ብርቅነሽም ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተቆረጠባትና ወንበር ይዛ ቆመች። ዓምሃ አላየ መስሎ ወደ ወጥ ቤቱ በር ጮክ አለ።

«ሾዴ! አራት የጾም ሽሮ። ቃሪያው ይብዛ።»

«እሺ ጋሼ» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ጭልፋ ከግድግዳ ሲወርድ ተሰማ።

ከዚያ ወዲያ ዘጠኙም ጠረጴዛ ሞላ ማለት አይደለም። ዓርብ ስድስት ሆነ፣ በሚቀጥለው ረቡዕ ሰባት። ሑዳዴ የገባ ሰኞ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ያን ቀን ሽሮው በስምንት ሰዓት አለቀ። ሾዴ ባዶውን ድስት ወደ መስኮቱ አዘንብላ ውስጡን ለብርቅነሽ አሳየቻት።

«ይሄ አይበቃንም እትዬ።»

«ነገ መርካቶ ሄጄ ተለቅ ያለ አመጣለሁ» አለች ብርቅነሽ። «አንቺ በጠዋት ገብተሽ ሽንኩርቱን ጀምሪ፣ ቁልፉን ይዘሽ ሂጂ።» የወጥ ቤቱን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻትና፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብላ ከተረፈው ነገር ለራሷ ምሳ አዘዘች።