እምቢ ማለት የሚቻልበት ደብዳቤ

በ2000 ዓ.ም. ጥር ላይ ሃሊማ ከአላህ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ ዛህራ ኩዌት እንዳትሄድ። ደላላው የልጅቷን ፓስፖርት አስወጥቶ ጨርሷል። ዛህራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናቷ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ በርበሬ ስትቀነጥስ፣ ስትደልዝ፣ ስታሰጣ፣ ወፍጮ ቤት ስትመላለስ እያየች ነው ያደገችው። «እማ፣ ቋሚ ገዢ ካገኘሽ እቀራለሁ፤ ካላገኘሽ ግን አታስቸግሪኝ፣ ልሂድ» አለቻት። እንዲህ ብላ የቆረጠችን ልጅ በምን ይይዟታል?

ቋሚ ገዢ ሊሆን የሚችል ሰው ደግሞ ነበረ። አቶ ባዩ ይባላል፤ የሶዶ ሰው ነው፣ መርካቶ ውስጥ የቅመም ጅምላ ነጋዴ። ዛላ በርበሬ ብቻ ሲገዛ ኖሮ፣ በዚያ ዓመት ተደልዞ የተፈጨ በርበሬም መቀበል ጀመረ ተባለ። የቡታጅራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ወደ ባዩ የሚያደርሰው መንገድ ከማሉ ነው። ከማሉ የዚያው የቡታጅራ ልጅ ነው፤ ባዩ ሱቅ ስምንት ዓመት ሠርቶ የራሱን ሱቅ ከፍቷል።

ይህን መንገድ ሃሊማ ከዚህ በፊት ታውቀዋለች። ባሏ አብዱልሃፊዝ ሄዶበታል።

ነገሩ ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ በ97 አረፋ። እንደ ደንቡ ከአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ገብቷል፤ ከማሉም አባቱ ቤት ተቀምጧል። አብዱልሃፊዝ ያኔ በርበሬ ከየገበሬው እየሰበሰበ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ሐጂ ሙስተፋንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችን አስቀድሞ ሄደ። ጫቱ ተዘርግቷል፣ የከማሉ አባት በልጃቸው ኮርተው ጥግ ይዘዋል፣ ጎረቤቱ ሞልቷል። ሐጂ ሙስተፋ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ይህን ወንድምህን ከባዩ ጋር አገናኝልን፤ አፋችንን አታሳፍር» አሉ። ከማሉ ዐይኑን ምንጣፉ ላይ ጣለ። ከዚያ «እሺ፣ ኢንሻአላህ» አለ። ዱዓው ወረደ፤ አሚን ተባለ።

እሺ ይበልጣል ከሺ ይላል ሰው። እስቲ ከየትኛው ሺ እንደሚበልጥ አብዱልሃፊዝን በጠየቃችሁት! በዚያው ሳምንት የቡኢው ነጋዴ ካሳሁን፣ «በርበሬህን ለእኔ ሰብስብልኝ፣ አብረን እንሥራ» ቢለው፣ «ወንድሜ ቃል ገብቶልኛል» ብሎ መለሰው። ምርጡን በርበሬ ለባዩ ብሎ አስቀመጠ። ከቴሌ ቢሮ እየደወለ ይጠይቃል፤ ከማሉ አንዴ «በዚህ ሳምንት»፣ አንዴ «ከጾሙ በኋላ»፣ አንዴ «ባዩ ዱባይ ሄዷል» ይለዋል። ክረምቱ ገባ። በርበሬው እርጥበት ሳበ፤ ቀለሙ ሄደ፤ ከዚያ ሻገተ። አብዱልሃፊዝ የቀረችውን ሸጦ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ፤ ሞዛምቢክ ሲደርስ ታሞ ሞተ። አብሮት የነበረ ሰው ነው ደውሎ የነገራት። እስኪሄድ ድረስ አንድም ቀን ከማሉን አላማም። «ያደርግልኛል፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ይል ነበር። ሃሊማም እንደዚያው ታስብ ነበር፤ ጠይቆለት ባዩ እምቢ ብሎ ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

አሁን ደግሞ ተራው የእሷ ሆነ። ሐጂ ሙስተፋ ዘንድ ልትሄድ ነጠላዋን ስትለብስ፣ ጎረቤቷ አደይ አየቻት። አደይ አዲስ አበባ አንድ የንግድ ቢሮ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ጸሐፊ ሆና ሠርታ እናቷን ልታስታምም የተመለሰች ሴት ናት። አፏ ስለታም ነው።

«የት ነው?»

«ሽማግሌ ልለምን። ከማሉ ከባዩ ጋር እንዲያገናኘኝ።»

«ሽማግሌ! ልታገቢው ነው እንዴ?» አለች አደይ። «ሃሊማ፣ ስሚኝ። እኔ ከአለቃሽ ጋር አገናኚኝ የሚለኝ ሰው ስንት እንዳየሁ አትጠይቂኝ። ሽማግሌ የተቀመጠበት ቤት ውስጥ እምቢ የሚል ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ? እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢልሽ ምን ይረባሻል? የልቡ ይሁን የይሉኝታው በምን ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ለብቻው ጻፊለት። በሩን ክፍት ተይለት፤ ሲፈልግ ይግባ፣ ሲፈልግ ይውጣ።»

ተቀመጡና ጻፉ። ሃሊማ ትናገራለች፣ አደይ ትጽፋለች፣ ግማሹን ትሰርዛለች። ሃሊማ የሟቹን ስም ልታስገባ ስትል አደይ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባት የሌላቸው የቲም ልጆች፣ ባሌ፣ መከራዬ የሚል ካለበት ያው ሽማግሌ ላክሽበት ማለት ነው» አለቻት። ሃሊማ ከደብዳቤው ጋር ቅቤና ቆጮ ልትልክ አሰበች፤ እዚያ አገር ባዶ እጅ አይለመንም። ይህንንም አደይ ከለከለች። «ቅቤሽን በልቶ በየትኛው አፉ ነው አይሆንልኝም የሚልሽ?» በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«ወንድሜ ከማሉ፣ አሰላሙ አለይኩም። ለሽማግሌም ለቤተሰብም ሳልናገር ለአንተ የጻፍኩት ነው። በርበሬ ደልዤ፣ አስፈጭቼ እሸጣለሁ። አቶ ባዩ የተዘጋጀ በርበሬ መቀበል መጀመራቸውን ሰማሁ። ካመንክበት፣ መጀመሪያ ሊያነጋግሩኝ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቃቸው፤ ሌላኛው ወረቀት ለእሳቸው የሚታይ ነው፣ አንተ ምንም መጨመር የለብህም። ካልፈለጉ በዚያው ይቅር። ለአንተም ካልተመቸህ፣ ምክንያት ሳትቆጥር አይሆንልኝም በለኝ። አልቀየምህም። ስትመጣ ቤቴ እንደ ድሮው ቤትህ ነው።»

ሌላኛው ወረቀት አምስት መስመር ነበር፤ ማን እንደሆነች፣ በርበሬው እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ በወር ስንት ኩንታል ማድረስ እንደምትችል፣ የት እንደምትገኝ። ከእሱ ጋር በላስቲክ የታሰረ አንድ እፍኝ በርበሬ፣ ለባዩ ናሙና። የአዲስ አበባ ሚኒባስ ሹፌር ይዞላት ሄደ።

ሃሊማ ሌሊቱን ተጨነቀች። ሽማግሌ ያልያዘ ልመና ልመና አይመስላትም፤ በገዛ እጇ ሰውየውን እምቢ በል ብላ የገፋፋች መሰላት።

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። አብዱልሃፊዝ ስምንት ወር ጠብቆ ያላገኘው መልስ በአራት ቀን! ናሙናው ሳይፈታ አብሮ ተመልሷል። አደይ ጮክ ብላ አነበበችላት፦

«እህቴ ሃሊማ፣ ወአለይኩም ሰላም። አይሆንልኝም። ምክንያት አትቁጠር ብለሽኝ ነበር፤ ግን ልንገርሽ። ከባዩ ጋር ከተጣላን አምስት ዓመት ሊሆነን ነው። ሰው ፊት ከሱቁ አስወጥቶኛል፤ ከዚያ ወዲህ ደጁን ረግጬ አላውቅም። አባቴ ይህን አያውቅም። አገር ቤት ሁሉም ሰው የባዩ ወዳጅ አድርጎ ሲያየኝ አባቴ ደስ ይለዋል፤ ያንን ልቀማው አልቻልኩም። ሽማግሌ እየያዘ የመጣውን ሁሉ እሺ አልኩ። አይሆንልኝም በለኝ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ወደ ባዩ በራስሽ ሂጂ፣ ሰው በርበሬውን አይቶ ነው የሚገዛው፤ ግን የእኔን ስም እንዳታነሺ፣ ይጎዳሻል። ናሙናውን አልከፈትኩትም፣ ይዘሽው ሂጂ።»

አደይ አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ አላየቻትም። እሷም ቆጥራለች። አምስት ዓመት። የ97 አረፋ ሦስት ዓመቱ ነው።

ሃሊማ ምንጣፉን የሚያየውን ከማሉን አሰበች። ባሏን አሰበች፤ ቴሌ ቢሮ ወረፋ ይዞ፣ ሳንቲም እየቆጠረ፣ ከባዩ ጋር ወደማይነጋገር ሰው እየደወለ። አንዲት «አይሆንልኝም» ቢለው ኖሮ በማግስቱ ቡኢ ይወርድ ነበር። ደረቷን እየመታች አለቀሰች፤ ሞቱን በተረዳችበት ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

«መልስ እንጻፍለት» አለች ኋላ፣ ዐይኗን ጠርጋ።

«ምን ብለን?»

«እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ በይው።»

«አልተቀየምኩም የሚለውስ?»

ሃሊማ አልቀየምህም ብላ በወረቀት ቃል ገብታለች። ግን ያን ቃል የገባችው ለራሷ ጉዳይ ነበር፤ ለሟች መግባት ትችላለች? «እሱን ተይው» አለች። የተላከው ምስጋናው ብቻ ነው።

ናሙናዋን ይዛ መርካቶ ወረደች። የባዩ ሱቅ ጸሐፊ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ማን ልኮሽ ነው?» አለቻት። ሃሊማ «ማንም» አለች። ላስቲኩን ተቀበሏት፣ ስልክ አስመዘገቧት፣ እንደውላለን አሏት። የአደይን ሞባይል ቁጥር ሰጠች። ሁለት ሳምንት ጠበቀች። የደወለ የለም። መጋቢት ላይ ዛህራ ሄደች።

ከኩዌት ስትደውል በመጀመሪያው ወር ደህና ነኝ ትል ነበር። በሦስተኛው፣ «እማ፣ በሩን ቆልፈውብኝ ነው የሚወጡት። የምተኛው ኩሽና ነው» አለች። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

በዚያው ሰሞን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሐጂ ሙስተፋ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሃሊማ ቤት መጡ። ምንጣፍ ተነጠፈላቸው። ከደጅ የልጅ ልጃቸው ከድጄ በሻሽ ተሸፋፍና ቆማለች፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሃሊማ፣ ዛህራ እመቤቷን ታናግርልን። ለዘመድ፣ ለጎረቤት ሠራተኛ የሚፈልጉ አይጠፉም። ከድጄን ታገናኝልን። አፋችንን አታሳፍሪ።»

ሦስቱም እጃቸውን ለዱዓ ከፈት አድርገው ጠበቁ። እሺ ማለት ቀላል ነበር፤ ኢንሻአላህ ብሎ፣ «በዚህ ሳምንት»፣ «ከጾሙ በኋላ» እያሉ ማቆየት። ሃሊማም አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሽማግሌ ፊት ተምራ ያደገችው እሱን ነው።

«አይሆንልኝም፣ ሐጂ» አለች።

«ምን?»

«አይሆንልኝም። ልጄ ተቆልፎባታል። የሰው ልጅ ወደዚያ አልጠራም። እየጠበቀች እንዳትቀመጥ ብዬ ነው አሁኑኑ የምነግርዎት።»

የከፈቷቸውን እጆች አጠፉ። ሐጂ ሙስተፋ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ፤ ከዚያ ቤት ዱዓ ሳያደርጉ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ከደጅ ሆና የሰማችው ከድጄ ሃሊማን በጥላቻ አየቻት። የራሷን ልጅ ልካ የሰው ልጅ እንዳያልፍለት ከለከለች ተብሎ በማግስቱ በሰፈሩ ተወራ፤ እስከ አረፋ ድረስ ቤቷን የረገጠ ሽማግሌ አልነበረም።