ረጅሙን የመረጠች ልጅ

የእትዬ የአንድ ቀን ወጪ ቢሰላ ትልቁ ድምፅ ነው። ጠዋት ሰላምታ ላይ ጥቂት፣ ሁለተኛ ክፍል ገብታ «ዝም በሉ!» ስትል ብዙ፣ ከምሳ በኋላ የቀረው ሁሉ። ማታ ቤቷ ስትገባ ከጎረቤት ጋር የምታወራው በጥቅሻ ነው። ከድምፁ ሌላ አንድ እጅ ጠመኔ፣ ሁለት የደከሙ እግሮች፣ ለሌላ ሰው ልጅ የሚወጣ ትዕግሥት። ለራሷ የሚተርፋት ቢኖር እሑድ ብቻ ነው፤ እሱንም ፈተና ታወጣበታለች።

እትዬ የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። የዛሬ ወር ገደማ እሑድ ከሰዓት የፈተናዋን ወረቀት ይዛ እኛ ቤት መጣች። እኔ ልብስ አጥፋለሁ፣ ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣ ትሥላለች።

«ልጅሽን አውሺኝ» አለችኝ። «ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ትምህርት ቤቷም ሌላ ነው። ጥያቄዎቼን ልሞክርባት።»

ፈተናው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ማኅበረሰብና ስለ አካባቢ አስተዳደር ነው። በውጤቱ ነው ማጠናከሪያ ትምህርት የሚገቡት ልጆች የሚለዩት። እትዬን እንቅልፍ የነሳቻት ደግሞ አንዲት ተማሪዋ ናት፤ «ሳቂታዋ» ነው የምትላት። ክፍል ውስጥ ስትጠየቅ ፈገግ ትላለች እንጂ አትመልስም። ፈተና ላይ ግን ሁሌም ጥሩ ታመጣለች።

«ታውቃለች እንዳልል አትናገርም፤ አታውቅም እንዳልል ወረቀቷ ይመሰክርላታል» አለችኝ። «አሁንም በዚሁ ካለፈች ማጠናከሪያው ያመልጣታል።»

ልጄ እርሳሷን ይዛ ጀመረች። የመጀመሪያው ላይ ቆመች።

«አክስቴ፣ ‹ቤት ውስጥ ምግብ የሚያበስለው ማነው?› ይላል። አባዬን ላክብበው?»

«እናት ነው መልሱ፣ የኔ ቆንጆ።»

«እናቴ ስታበስል ያርርባታል እኮ!»

«አፍሽን ያዢ!» አልኩ። እትዬ በሳቅ ፈረሰች። ወዲያው ግን ጥያቄውን ሰረዘችው። «እውነቷን ነው። እንደየቤቱ የሚለያይ ነገር በአንድ መልስ አይታረምም።»

ከዚያ በኋላ ልጄ ፈጠነች። የቀሩትን በሙሉ አገኘች፤ አካባቢ አስተዳደር የሚለውን ገና ያልተማረችውን ጭምር። እኔ የልብ ልብ ተሰማኝ፣ እውነት ለመናገር ለጎረቤት ልነግር ተነሥቼ ነበር።

እትዬ ግን አልተነሣችም። «ይሄን እንዴት አወቅሽው?» አለቻት በጣቷ እያሳየች። ጥያቄው «የአካባቢ አስተዳደር ሥራ የቱ ነው?» ይላል። ሀ፣ መዝፈን። ለ፣ መተኛት። ሐ፣ ለነዋሪው መንገድ፣ ውሃና ጽዳት እንዲዳረስ ማስተባበር።

«ረጅሙ ነዋ!» አለች ልጄ። «ሁሌ ረጅሙ ነው ልክ። አጭሩማ የማሳሳቻ ነው።»

እትዬ ክው አለች። ወረቀቱን አገላበጠችው፤ ትክክለኛው መልስ ሁሉም ጋ ረጅም ነበር። አስተማሪ ናት፣ ልክ የሆነውን እንዳይጎድልበት ታሟላዋለች፤ የተሳሳተውን ግን ማን ይደክምለታል? እንደ ነገሩ ጣል ታደርገዋለች።

«ሳቂታዋ!» አለች ቀስ ብላ።

እዚያው ጠረጴዛችን ላይ እንደ አዲስ ጻፈችው። ያ ጥያቄ እንዲህ ሆነ፦ ሀ፣ የቤታችንን ሳህን ማጠብ። ለ፣ የሰፈሩን መንገድ ማስጠገን። ሐ፣ የሱቁን ዕቃ መሸጥ። ሦስቱም እኩል፣ ሦስቱም እውነተኛ ሥራ፤ አንዱ የቤተሰብ፣ አንዱ የአስተዳደር፣ አንዱ የነጋዴ። ትክክለኞቹንም አንዴ ሀ፣ አንዴ ሐ ላይ በታተነቻቸው። በሳምንቱ ተመልሳ ልጄን ስትሞክራት ግማሹን ሳተች።

«ጎሽ! ወደቅሽልኝ!» ብላ ሳመቻት። ልጄ መሳቅም ማልቀስም አቃታት።

ፈተናው ተሰጠ። ሳቂታዋ ከአሥር ሦስት አመጣች። በማግስቱ እናቷ እንደ ነብር ተቆጥታ ትምህርት ቤት መጣች።

«ጎበዟን ልጄን ምን አደረጓት?»

«ይቀመጡ፣ እህቴ» አለች እትዬ፤ ልጅቷንም ጠራቻት። «እስቲ የድሮውን ፈተና እንዴት ነበር የምትሠሪው? አልቆጣሽም።»

ልጅቷ ፈገግ አለች፤ እናቷን አየች። «ብዙ ጽሑፍ ያለበትን አከብብ ነበር። ማንበብ… ቶሎ አይመጣልኝም።»

እናትየው ልጇን ሳብ አድርጋ «እኔ እኮ ቁጥሩን እያየሁ እስማት ነበር» አለች። ማጠናከሪያው የሚጀምርበትን ቀን ጠይቃ ሄደች። ልጅቷ አሁን ከሰዓት ከሰዓት ትገባለች፤ አጭር ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላ ማንበብ ጀምራለች።

ይህን ልጽፍ ነው ስላት እትዬ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ አንድ ነገር አደራ አለችኝ፤ ለእናንተ ለወላጆች ነው። «ልጃቸው ፈተና ይዞ ሲመጣ፣ ቁጥሩ ቢያምርም ባያምርም፣ አንዱን ጥያቄ ያስነብቡልኝ። ከዚያ ‹ለምን ይሄን መረጥክ?› ይበሉት። የሚመልሰውንም ሳይቆጡ ሄደው ለአስተማሪው ይንገሩልኝ።»