የማክሰኞ ተራ

አስተባባሪዋ ከእናቷ ጋር የምትኖረው ከአንድ ፎቅ ሦስተኛ ደርብ ላይ ነበር። እናትየዋ ካረጁ ወዲህ እንቅልፍ ርቋቸዋል። ሰማዩ ገና ሳይገረጣ ተነስተው መስኮቱን ከፈት ያደርጉና መንገዱን ቁልቁል እያዩ ይቀመጣሉ። ልጃቸው ግን የጠዋት ሰው አልነበረችም። ከአልጋ የምትወርደው እየተጎተተች ነው።

የምትሠራው ዓይነ ስውራን ስልካቸው ላይ የተጻፈውን ሁሉ በድምፅ የሚያነብላቸው ፕሮግራም በሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ባልደረቦቿ ሦስት ቦታ ተበትነዋል። እሷና ኃላፊዋ እዚህ ናቸው። ፕሮግራሙን የምትጽፈዋ ሴት በስተምዕራብ፣ ውቅያኖስ ተሻግራ፣ ከእነሱ አሥር ሰዓት ወደ ኋላ ትኖራለች። የድምፁ ባለሙያ ደግሞ በስተምሥራቅ፣ ሰባት ሰዓት ወደ ፊት ነው። በየማክሰኞው ከቀኑ አሥር ሰዓት ሁሉም በኮምፒውተር ይገናኙ ነበር። ሰዓቱን የመረጠችው እሷ ራሷ ናት፤ ከምሳ በኋላ ያለው ድብታ ለቀቅ የሚያደርግበት፣ ፀሐይ በቢሮው መስኮት ዘንበል ብላ የምትገባበት ሰዓት ስለሆነ ነው።

የምሥራቁን ሰው "ዝምታው" ነበር የሚሉት። ምስሉን አይከፍትም። ሲጠየቅ በሹክሹክታ "እሺ፣ ይሁን" ይላል፤ በቃ።

"ይሄ ሰውዬ የሚለው ነገር ከሌለው የድምፁን ሥራ ለሌላ ሰው ብንሰጠው ይሻላል" አለ ኃላፊው አንድ ቀን ፊቱን ቋጥሮ።

እሷም ልቧ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር።

አንድ ንጋት እናቷ ውኃ ሲቀዱ ብርጭቆው ከእጃቸው አምልጦ ተሰበረ። እሷም ደንግጣ ተነሳች። ስብርባሪውን ጠርጋ ስትጨርስ እንቅልፍ እምቢ አላት። ኮምፒውተሯን ከፈተችና ለዝምታው ስለ አንድ የተበላሸ የድምፅ ቅጂ ጥያቄ ጻፈችለት። መልስ ማታ ይመጣል ብላ ነበር። እሱ ግን ወዲያው ደወለ፤ ምስሉንም ከፍቶ።

ከኋላው ቀን ሞልቷል። በእርጥብ ልብስ የተሞላ ሰገነት፣ ከሩቅ የሚብለጨለጭ ባሕር። እሷ ዘንድ የመንገድ መብራቱ እንኳ ገና አልጠፋም። ድምፁ ወፍራምና ሳቂታ ነበር። ጉዳዩን በሁለት አፍታ ጨርሶ ወሬ ጀመረ። ፕሮግራሙ ሲያነብ ትንፋሽ እንደማይወስድ፣ ሰሚው ነጥብና ሰረዝ የት እንዳለ እንደማያውቅ፣ ይህን ለማስተካከል ምን እንዳሰበ ሁሉ ዘረገፈላት።

"ይሄን ሁሉ ማክሰኞ ለምን አትነግረንም?"

"ማክሰኞ እኔ ዘንድ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፣ ሕፃን አለን። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ነው የማወራችሁ። ድምፄን ከፍ ካደረግኩ ልጁ ይነቃል።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ሰዓቱ የተቆረጠ ነው ብዬ ነዋ።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም እዚያው ቀረች። እሷ በመስኮት የምትገባውን ፀሐይ ስትሞቅ፣ ያ ሰው ጨለማ ውስጥ ከመታጠቢያ ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይታያት ጀመር።

ለምዕራቧም ጻፈችላት። "ሰዓቱ ምን ይወስድብሻል?" አለቻት። መልሱ አጭር ነበር፦ እሷ ዘንድ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ የእንቅልፍ ፊቷን ሳትታጠብ ነው የምትገባው፤ ንጋቱንስ ትችለዋለች፤ ግን ሁልጊዜ እሷ ብቻ መሆኗ ያንገበግባታል።

አስተባባሪዋ ሦስት ረጃጅም ወረቀቶች ቆርጣ በእያንዳንዳቸው ላይ የአንዱን ቦታ ሃያ አራት ሰዓት ጻፈች። ሌሊቱን በእርሳስ አጠቆረች፤ ቀኑን ነጭ ተወችው። አንዱን ከሌላው ሥር ደርድራ በየቦታው ልዩነት ልክ ስታንሸራትት ዋለች። ሦስቱም የሥራ ሰዓት የሚሆኑበት አንድም ቦታ አላገኘችም። አንዱ ነጭ ከሆነ ሌላው ይጠቁራል።

እናቷ ከኋላዋ ቆመው ሲያዩ ነበር።

"ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?"

"ለሁላችንም የሚመች ሰዓት እየፈለግኩ ነው፣ እማዬ።"

"እና አገኘሽው?"

"የለም። ፀሐይዋ አንድ ናት።"

ያን ቀን ማታ ግን የገባት ነገር ነበር። የሚመች ሰዓት የለም እንጂ የሚቻሉ ሰዓቶች ሦስት ነበሩ። የለመዱት የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው እዚህ ንጋት አሥራ ሁለት፣ ምሥራቅ ከቀኑ ሰባት፣ ምዕራብ ደግሞ ገና ሰኞ፣ ከምሽቱ ሁለት። ሦስተኛው እዚህ ከምሽቱ አምስት፣ ምዕራብ ከቀኑ ሰባት፣ ምሥራቅ የረቡዕ ንጋት አሥራ ሁለት። በእያንዳንዱ አንዱ ቀን አለው፣ አንዱ ይነጋበታል፣ አንዱ ይመሽበታል። በየሳምንቱ ቢፈራረቁ ሁሉም ሁሉንም ይቀምሳሉ።

ኃላፊው ቅር አለው። "የሚመቸን ሰዓት እያለ በገዛ እጃችን ሌሊት እንግባ?"

"የሚመቸን ለእኛ ነው። ዋጋውን የከፈሉልን እነሱ ናቸው" አለችው። "ደግሞ ዝምታው ዝም የሚለው ሐሳብ አጥቶ አይደለም። በቀኑ ሰዓት አንድ ጊዜ ስማውና ከዚያ ፍረድ።"

"በይ እንግዲህ፤ አንድ ጊዜ" አለ ኃላፊው።

ሁሉም ከተስማሙባቸው ነገሮች አንዱ ማንም እንቅልፍ ጥሎት ቢቀር የማይጠየቅ መሆኑ ነው። ስብሰባው ይቀዳል፤ የቀረውም ሰው አንድ ሙሉ ቀን አስተያየቱን እስኪጽፍ ድረስ ምንም ነገር አይወሰንም።

የመጀመሪያው የንጋት ማክሰኞ ደረሰ። ኃላፊው ጉንጩ ላይ የትራስ መስመር እንደታተመ ከቤቱ ሆኖ በምስሉ ብቅ አለ። በምዕራቧ መስኮት የሰኞ ፀሐይ እየገባች፣ ፊቷ ብርቱካናማ ሆኖ ነበር። ዝምታው ሰገነቱ ላይ ተቀምጧል፤ ነፋስ ፀጉሩን ያንቀሳቅሰዋል። አስተባባሪዋ እንቅልፍ ገና ከዓይኗ ሽፋሽፍት ሳይለቅ፣ ሦስቱን ሰማዮች ጎን ለጎን እያየች፣ ሕልም ይሁን እውን መለየት አቃታት።

ከዚያ ዝምታው ያዘጋጀውን ንባብ አሰማ። ድምፁ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ዝቅ ይላል፤ ትንሽ ይተነፍሳል፤ ይቀጥላል። የሚያነብ ሰው እንጂ መሣሪያ አይመስልም።

"ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?" አለ ኃላፊው።

"ከስድስት ወር በፊት" አለ ዝምታው፣ እየሳቀ።

ኃላፊው ከዚያ በኋላ የድምፁን ሥራ ለሌላ ስለመስጠት ትንፍሽ አላለም።

ነገሩ ሁሉ ግን አልጋ በአልጋ አልሆነም። የምሽቱ ተራ አስተባባሪዋን ከበዳት፤ አንድ ጊዜ ወንበሯ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ይዟት ሄደ፤ ሌሎቹም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያለሷ ጨረሱ። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ምዕራቦች እንደ አገራቸው ደንብ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሱ። በአሥር ሰዓቱ ተራ ፕሮግራመሯ ሳይነጋ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልትነሳ ሆነ። ስብሰባውን አንድ ሰዓት ቢገፉት ደግሞ ዝምታው ዘንድ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ሁለቱ ተነጋግረው ግማሽ ሰዓት ብቻ ገፉት፤ እሷ ግማሹን ቻለች፣ እሱም ግማሹን ቻለ።

አስተባባሪዋ የጠዋት ሰው አልሆነችም። በንጋቱ ተራ ግን ስብሰባው ሲያልቅ እናቷን ክንዳቸውን ይዛ ዳቦ ልትገዛ ትወርዳለች። ሱቆቹ መዝጊያቸውን እየገፉ ይከፍታሉ፤ አስፋልቱ በጤዛ ያበራል። ቀኑ ሙሉውን፣ ገና ማንም ሳይነካው፣ ከፊታቸው ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ቀስ ብለው ይሄዱበታል።